ቀስት ያለባቸው ሁለት ቫልቮች

ማታ በፓምፕ የተሞላ የጣሪያ ታንከር ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሌሊቱን ቧንቧ የከፈተ ሰው የለም፤ ግድግዳው አልረጠበም፣ ግቢውም ደረቅ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ተከራዮቹን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ታንከሩ ተሰንጥቆ እንደሆነ ሊያይ መሰላል ያቆማል፣ አንዳንዱም አዲስ ታንከር እስከመግዛት ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ችግር የገጠመው ቤት ጥቂት አይደለም። ውሃው ግን የትም አልጠፋም። በቆጣሪው በኩል ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር ወርዷል፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ሳያውቀው ተጠቅሞበታል።

ይህን የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ የሚባለው ትንሽ የናስ ዕቃ ነው። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብተው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ሌላ የናስ ቫልቭ ተደርድሮ ያያሉ፤ ግፊት ቀናሽ ወይም ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ፕሬዠር ሪዲውሰር። ሁለቱም ላይ የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ተቀርጿል፣ ሁለቱም ያለ ኤሌክትሪክ በራሳቸው ይሠራሉ፣ ሁለቱም ከቆጣሪ ቀጥሎ ይገጠማሉ። ስለዚህ አንዱን በሌላው ቦታ የሚገዛ፣ ወይም አንዱን ካስገጠመ ሌላው የማያስፈልገው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራቸው ግን አይገናኝም። ቼክ ቫልቭ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፤ በምን ያህል ኃይል እንደሚሄድ ግን ግድ የለውም። ግፊት ቀናሹ ደግሞ ኃይሉን ይመጥናል እንጂ በአቅጣጫ ጠባቂነት የሚታመን ዕቃ አይደለም።

ውሃው እንዴት ወደ ኋላ እንደሚሄድ ለማየት የአንድ ተራ ቤት መስመር እንከተል። ከመንገድ የመጣው ቧንቧ ቆጣሪውን አልፎ ግቢ ይገባና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ላይ ወጥቶ በታንከሩ አናት በተንሳፋፊ በኩል ይገባል። ሌላው በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከታንከሩ ሥር የሚወጣው ቧንቧም ወርዶ ከዚሁ ከቤቱ መስመር ጋር ይገናኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የከተማው ውሃ ሲኖር ቤቱ በእሱ ይጠቀማል፣ ሲጠፋ ታንከሩ ይተካል። ነገር ግን ሁለቱ መስመሮች በተገናኙበት ቦታ ውሃው የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ወደሚያንስበት መሄድ። ፈረቃው ሲያልቅ የመንገዱ መስመር ባዶ ይሆናል። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመሬት 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ከዚያ ወደ ባዶው መስመር የሚወርድበት መንገድ ክፍት ነው። የሚያግደው ከሌለ ይወርዳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሳይሆን ሁለት ቼክ ቫልቭ ነው። የመጀመሪያው ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ መስመሩ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ይቀመጣል፤ ግቢ የገባ ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው ከታንከሩ ሥር በሚወጣው ቧንቧ ላይ ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሱ ከሌለ የከተማው ውሃ በኃይል በመጣ ጊዜ በመውጫው በኩል ከሥር ወደ ታንከሩ ይገባል። ተንሳፋፊው የሚጠብቀው የላዩን መግቢያ ብቻ ስለሆነ ከሥር የሚገባውን ሊያቆም አይችልም። ታንከሩ ሞልቶ ሌሊቱን ሙሉ በጣሪያው ላይ ሲፈስ ያድራል፤ ባለቤቱም ደህናውን ተንሳፋፊ ደጋግሞ ያስቀይራል።

ቼክ ቫልቭ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ የናስ ምላስ አለው። ውሃው ሲመጣ ምላሱን ገፍቶ ያልፋል፤ ውሃው ሲቆም ምላሱ በክብደቱ ተመልሶ ይገጥማል። ሁለተኛው ውስጡ ትንሽ ክዳንና ክዳኑን የሚገፋ ሞላ አለው። ምርጫው የዋጋ ጉዳይ ይመስላል እንጂ አይደለም። ባለ ምላሱ የሚሠራው ቧንቧው አግድም ሲሆን ወይም ውሃው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ውሃው ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት ቁም ቧንቧ ላይ ከገጠሙት ምላሱ በክብደቱ ተንጠልጥሎ ክፍት ይቀራል፤ አለ ማለት ይቻላል፣ ሥራ ግን የለውም። የታንከሩ መውጫ ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ታዲያ ለእሱ ባለ ሞላውን እንግጠም ብንል ሌላ ችግር ይመጣል። ሞላውን ለመክፈት ግፊት ያስፈልጋል፤ ውሃው ሲያልፍበት ከሚባክነው ጋር ተደምሮ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ የውሃ ከፍታ ሊወስድ ይችላል። ታንከሩ ከላይኛው ፎቅ ሻወር በላይ ያለው ምናልባት 2 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያች ላይ ይህን ሲቀንሱባት ሻወሩ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የተሻለው ከታንከሩ እንደወጣ ቧንቧውን ትንሽ አግድም አስኪዶ ባለ ምላሱን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ክዳኑ ወደ ላይ መዞር አለበት፤ ወደ ጎን ከተጋደመ ምላሱ በልኩ አይገጥምም።

አንድ የቧንቧ ባለሙያ እንዲህ ያለ ቫልቭ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ቤቱ ቼክ ቫልቭ ነበረው፤ ታንከሩ ግን ያው ሌሊት ሌሊት ይጎድል ነበር። ባለሙያው ጌት ቫልቩን ዘግቶ፣ በባለ ምላሱ አናት ላይ ያለውን ክዳን በመፍቻ አላቅቆ፣ ጣቱን አስገባና የቃጫ ቁራጭ አወጣ። መስመሩ ሲገጠም ጥርሱ ላይ ከተጠመጠመው ቃጫ ተቆርጦ የሄደ ነበር። ከእሱ ጋር ጥቂት የአሸዋ ፍሬዎች ምላሱና መቀመጫው መካከል ተጣብቀዋል። «ይቺው ናት ጌታዬ፣ ሌባዋ» አለና መቀመጫውን በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ዘጋው። የቼክ ቫልቭ ዋናው ድክመት ይኸው ነው። የክር ያህል ክፍተት ይበቃዋል፤ ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ በዚያች ክፍተት ብዙ ውሃ ያልፋል። የመንገድ መስመር ተቆፍሮ ከተጠገነ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ ጭቃና አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከዚያ ሰሞን በኋላ ታንከሩ መጉደል ከጀመረ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

መፈተሹም ከባድ አይደለም። የከተማው ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ቆጣሪው ዘንድ ሄደው ይመልከቱ። በቤቱ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የቆጣሪው ትንሿ መዘውር ወደ ኋላ የምትዞር ከሆነ ውሃ እየተመለሰ ነው። ቆጣሪው ካልታየ ማታ ከታንከሩ ሥር ያለውን ጌት ቫልቭ ይዝጉና ይደሩ። ጠዋት ታንከሩ እንደሞላ ካገኙት ታንከሩ ደህና ነው፤ ጉድለቱ ከዚያ በታች ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ተራ ቼክ ቫልቭ ውሃ ይቆጥባል፤ የመጠጥ ውሃን ከብክለት ለመጠበቅ ግን ብቻውን አይታመንም። የመንገዱ መስመር ሲወርድ ከኋላው ያለውን ይስባል። በዚያ ሰዓት የአንዱ ግቢ ጎማ ጫፉ በልብስ ማጠቢያ ባልዲ ወይም በሲሚንቶ ማቡኪያ በርሜል ውስጥ ከተነከረ ያ ውሃ ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል። በፋብሪካ፣ በሆስፒታልና በመኪና እጥበት ቤቶች ለዚህ ሲባል ሁለት ቼክ ቫልቮች በተከታታይ ያሉበትና ካለፋቸው ውሃውን ወደ ውጭ የሚያስወግድ ልዩ መሣሪያ ይገጠማል። በመኖሪያ ቤት ደግሞ ቀላሉ ነገር የጎማውን ጫፍ ከውሃ ውስጥ አለመተው ነው።

አሁን ወደ ፎቅ ቤት እንውጣ፤ ምክንያቱም የግፊት ነገር የሚያፈጥጠው እዚያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ ቧንቧው ቀጭን ይሁን ወፍራም ለውጥ የለውም። ጂ ፕላስ 18 የሆነ የመኖሪያ ሕንፃ እናስብ። ከመሬት ጋር 19 ወለል፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ውሃው ከጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠበት ታንከር። የውሃው ገጽ ከመሬት 60 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ምድር ቤት ያለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ስለሚል ከላዩ 59 ሜትር ውሃ ተሸክሟል፤ ወደ 6 ባር ይጠጋል። 18ኛ ፎቅ ያለው ቤት ግን ከላዩ ያለው 5 ሜትር ብቻ ነው፤ ግማሽ ባር። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ታንከር፣ አንድ ቧንቧ፤ ላይ ያለው ሰው ሻወሩ ደከመብኝ ይላል፣ ታች ያለው የመጸዳጃ ቤት ተጣጣፊ ቱቦ ፈነዳብኝ ይላል።

በብዙ አገሮች የግንባታ ደንብ ከ5 እስከ 5.5 ባር የሚያልፍ ግፊት ወደ መኖሪያ ቤት ዕቃዎች እንዲደርስ አይፈቀድም። ለቤት ውስጥ አገልግሎት ከ2 እስከ 4 ባር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን የፍላሽ ማጠራቀሚያው ተንሳፋፊ ጨርሶ መዝጋት ያቅተውና ውሃው ቀን ከሌት ወደ መጸዳጃው ይወርዳል። የቧንቧ ጎማዎች ቶሎ ይበላሉ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃውን በቅጽበት ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ ድም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በብረት ቧንቧ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም የሚፈጥረው ምት ብቻውን ከ10 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ያም አስቀድሞ ባለው ግፊት ላይ የሚደመር ነው።

ግፊት ቀናሹ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውስጡን ብናየው አንድ የጎማ ሽፋን አለ። ከላዩ ጠንካራ ሞላ ይጫነዋል፣ ከሥሩ ደግሞ ቫልቩን ያለፈው ውሃ ይገፋዋል። ሞላው ሲያይል በሩ ይከፈታል፤ ያለፈው ውሃ ግፊት ሲያይል በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ቫልቩ የሚያዳምጠው ከፊቱ የሚመጣውን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ነው። በቤቱ አንድ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ከኋላ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ሞላው ይረታል፣ በሩም ይከፈታል። ሁሉም ሲዘጋ ግፊቱ እስከተወሰነለት ልክ ይወጣና በሩ ጨርሶ ይገጥማል። አናቱ ላይ ያለው ብሎን ሞላውን የሚያጠብቅ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ግፊቱ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል። ዝቅተኛ ግፊት ከፍ ማድረግ ግን አይችልም። ለ18ኛው ፎቅ ሰው ግፊት ቀናሽ ምንም አይረዳውም፤ እሱ የሚያስፈልገው ለላይኞቹ ፎቆች ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው።

በዚያ ሕንፃ ቫልቩ የት ይቀመጥ? መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ቫልቭ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ ውሃው የሚወርደው ከላይ ነውና። ሕንፃውን ለሁለት ማካፈል ይሻላል። ከ9ኛ እስከ 18ኛ ያሉት ፎቆች በቀጥታ ከታንከሩ ይጠቀሙ፤ ከእነሱ ከፍተኛው ግፊት 9ኛው ላይ ሲሆን እሱም 3.2 ባር ነው። ከ8ኛ በታች ላሉት ደግሞ ለብቻው የሚወርድ ቧንቧ ይኑርና 8ኛው ፎቅ ላይ ግፊት ቀናሽ ይገጠምበት። እዚያ ቦታ የሚደርሰው 3.5 ባር ነው፤ ቫልቩን 1.5 ባር ላይ ብናስተካክለው 8ኛው ፎቅ 1.5 ባር ያገኛል፣ ምድር ቤቱ ደግሞ በመካከል ያለው 24 ሜትር ተደምሮለት 3.9 ባር ያገኛል። በሕንፃው ውስጥ ከ4 ባር የሚያልፍ ቧንቧ አይኖርም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቫልቩ የሚወስነው በቆመበት ቦታ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ከእሱ በታች ከፍታው እንደገና ይጨምራል። ያንኑ ቫልቭ 8ኛው ፎቅ ላይ 3 ባር አድርገው ቢተዉት ምድር ቤቱ 5.4 ባር ይደርሰዋል፣ ቫልቩም የተገጠመው ለከንቱ ይሆናል።

ሲገጠም ከፊቱ ወንፊት ያለው ማጣሪያ፣ ከፊቱና ከኋላው ጌት ቫልቭ፣ ከኋላው ደግሞ የግፊት መለኪያ ጌጅ ያስፈልገዋል። ጌጁ ተጨማሪ ወጪ መስሎ ይቀራል፤ እኔ ግን ያለ ጌጅ የተገጠመ ግፊት ቀናሽን ማንም በልበ ሙሉነት አስተካክሎታል ብዬ አላምንም። ልኩ የሚነበበው ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ነው። ግፊቱን ወደ ታች ለማውረድ ከተፈለገ ብሎኑን አላልቶ አንድ ቧንቧ ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የታሰረው ውሃ የሚወጣበት ስለሌለው ጌጁ አይንቀሳቀስም፣ ሠራተኛውም ብሎኑን አብዝቶ ይፈታዋል። ብዙ ቧንቧ በአንዴ ሲከፈት ጌጁ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ብልሽቱ የሚታየው ሌሊት ነው። በቫልቩ መቀመጫ ላይ የአሸዋ ፍሬ ከተቀመጠ ወይም ጎማው ከተበላ በሩ ጨርሶ አይገጥምም። ቀን ቀን ሰው ውሃ ስለሚጠቀም አይታወቅም። ሌሊት ሁሉም ሲዘጋ ግን ጠብ ጠብ እያለ የሚያልፈው ውሃ ግፊቱን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። ማታ 3 ባር የነበረው ጌጅ ንጋት ላይ ከቫልቩ በፊት ካለው ግፊት ጋር እኩል ሆኖ ይገኛል። ተጣጣፊ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ሰው ተኝቶ ሳለ የሚፈነዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ለመፈተሽ የፈለገ ሰው ግን መጀመሪያ ቦይለሩን ያጥፋ፤ ምክንያቱም ቦይለርም በራሱ ጌጁን ከፍ ያደርጋል። ቦይለሩ ጠፍቶ ግፊቱ ካደገ ጥፋቱ የቫልቩ ነው። ያኔ ወንፊቱን አጥቦ መቀመጫውን ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ድሬዳዋን በመሰሉ ውሃቸው ኖራ በሚበዛባቸው ከተሞች ግን ነጩ ቅርፊት ውስጡን ስለሚይዘው በየጊዜው ካልተፈታ አንድ ቀን ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

የቦይለሩ ነገር ሁለቱን ቫልቮች አንድ ላይ ያገናኛል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። መስመሩ ክፍት በነበረ ጊዜ ይህ ትርፍ ውሃ ወደ ኋላ እየገፋ ጣሪያው ላይ ታንከር ውስጥ ይገባ ነበር። ቼክ ቫልቭ ሲገጠም፣ ወይም ግፊት ቀናሹ ሲዘጋ፣ ያ መንገድ ይደፈናል። ብዙ ቦይለሮች በቀዝቃዛው መግቢያቸው ላይ ይዘውት የሚመጡት ትንሽ ቫልቭም ውስጡ ቼክ ቫልቭ አለው። ውሃ ደግሞ ሲጨመቅ አይታመቅም፤ ስለዚህ ግፊቱ ይወጣል፣ 7 ወይም 8 ባር ሲደርስም ያው ቫልቭ በጎኑ ጠብ ጠብ ያደርጋል።

ይህንን ጠብታ ማንበብ ይቻላል። ቦይለሩ በርቶ ሳለ ብቻ የሚንጠባጠብና ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው። ቦይለሩ ጠፍቶም ሌሊቱን የሚንጠባጠብ ከሆነ የሚገባው ግፊት በዝቷል፣ ወይም ቫልቩ ቆሻሻ ይዟል። የሚያስፈራው የሚንጠባጠበውን ቀዳዳ በቡሽ ወይም በክዳን የሚደፍን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በባለሙያ እጅ ተሠርቶ አይቻለሁ። ቴርሞስታቱ የተበላሸ ቀን ቦይለሩ የሚተነፍስበት ሌላ ቀዳዳ የለውም፤ ጋኑ ይፈነዳል።

ጠብታው ያስቸገረው ሰው በቼክ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል ባለው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ትንሽ የማስፋፊያ ጋን ያስገጥም። ለ80 ሊትር ቦይለር 5 ወይም 8 ሊትሩ ይበቃል። ውስጡ አየርና ውሃን የሚለይ ጎማ አለ፤ ትርፉ ውሃ አየሩን አምቆ እዚያ ይቀመጥና ቧንቧ ሲከፈት ይመለሳል። የአየሩ ልክ ግፊት ቀናሹ ከተስተካከለበት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቫልቩ 3 ባር ላይ ከሆነ ጋኑም 3 ባር አየር። የሚለካውም በመኪና ጎማ መለኪያ ነው፤ ውሃው ከተዘጋና አንድ ቧንቧ ተከፍቶ መስመሩ ከተነፈሰ በኋላ።